የተወረሰ አምበርን በጨው ውኃና በአልኮል መለየት፦ ጥያቄና መልስ

ከደብረ ብርሃን፦ ጋሼ፣ ከአያቴ የወረስኩት ድሪ 11 ፍሬዎች አሉት። በሱፍ ስፈትጋቸው ብጣሽ ወረቀት ይስባሉ። እውነተኛ አምበር ናቸው?

መልስ፦ ይህ ብቻ አያረጋግጥም፤ ፕላስቲክም፣ ኮፓል የሚባለው ገና ወደ አምበርነት ያልተለወጠ የዛፍ ሙጫም ሲፈተጉ ወረቀት ይስባሉ። በመጀመሪያ ክሩንና ብሩን አውጪ፤ ብረት የያዘ ፍሬ አምበር ቢሆን እንኳ ይሰጥማል። በሩብ ሊትር ውኃ 50 ግራም ጨው፣ ማለትም ወደ 3 የሾርባ ማንኪያ፣ አሟሚና ፍሬዎቹን አንድ በአንድ አስገቢ። በቀዳዳው የተያዘ አየር የሚሰጥመውን ፍሬ ሊያንሳፍፈው ስለሚችል፣ ውኃው ውስጥ ነቅነቅ አድርጊው። አምበር ይንሳፈፋል፤ ባኬሊት የሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ግን ይሰጥማል።

ከደብረ ብርሃን፦ 3 ሰጠሙ፣ 8 ተንሳፈፉ። እንግዲህ ስምንቱ አምበር ናቸው?

መልስ፦ ገና ነው። ኮፓል ያልበሰለ የዛፍ ሙጫ ስለሆነ እንደ አምበር ይንሳፈፋል፤ ፖሊስታይሪን የሚባለው ፕላስቲክም እንዲሁ። ፍሬዎቹን በንጹሕ ውኃ አጥበሽ አድርቂ፤ ከዚያም በቀዳዳው ጠርዝ፣ ከዓይን በተሰወረው በኩል፣ አንድ ጠብታ የ96 በመቶ አልኮል አድርጊና ከግማሽ ደቂቃ በኋላ በጣትሽ ጫን በዪው። ጣትሽን የሚይዝ ከሆነ ኮፓል ነው። ያልተጣበቀውን ደግሞ በአሴቶን በዚያው መንገድ ሞክሪ፤ አሴቶን ፖሊስታይሪንን ያሟሟዋል፣ አምበርን ግን በዚህ አጭር ጊዜ አያለሰልሰውም። ኮፓልም ፖሊስታይሪንም በአሴቶን ስለሚጣበቁ፣ አልኮሉ ካልቀደመ ሁለቱን አትለዪያቸውም። ሁለቱም ፈሳሾች በእሳት ይያያዛሉና ከምድጃ ራቂ።

ከዓለም ከተማ፦ እኛ ዘንድ ከገደል የሚወጣው ስንት ያወጣል?

መልስ፦ የጠየቁት ዋጋ ነው፤ እኔ የማውቀው መለየቱን ነው።

ሌላ አባል፦ ይህ ሁሉ ድካም ለምን? በጋለ መርፌ ሲነካ የሙጫ ሽታ ካለው አምበር ነው።

መልስ፦ ግማሹ ትክክል ነው፤ የሚከረፋ ሽታ ፕላስቲክን ያጋልጣል። ኮፓል ግን እንደ አምበር የሙጫ ሽታ አለው፤ የመርፌው ጠባሳም አይሽርም።

ከመርሐ ቤቴ፦ የእኛ አገር አምበር 95 ሚሊዮን ዓመት የሞላው ስለሆነ ፈተና አያስፈልገውም።

ሌላ አባል፦ ያ በ2010 እ.ኤ.አ. የተባለው ነው፤ በኋላ በተደረገ ጥናት ከ16 እስከ 23 ሚሊዮን ዓመት ተብሎ ተሻሽሏል።

መልስ፦ ሁለተኛው ትክክል ነው። ሆኖም የአንድ ስፍራ ዕድሜ በእጃችሁ ላለው ፍሬ ምስክር ሊሆን አይችልም፤ ከየት እንደመጣ ሻጩ ብቻ ነው የሚነግራችሁ።

ከደብረ ሲና፦ ፎቶ ልኬያለሁ፤ እውነተኛ ነው?

መልስ፦ በፎቶ አይለይም፤ ከላይ የተጻፈውን ያንብቡ። ክሩንና ብረቱን ሳያወጡም ውኃ ውስጥ አይጨምሩ።

ከደብረ ብርሃን፦ ጋሼ፣ ከስምንቱ 2 በአልኮል ተጣበቁ፣ 1 በአሴቶን ለሰለሰ። ከቀሩት አምስት አንዱ ግን በአልኮል ሳይጣበቅ ፈዘዘ።

መልስ፦ አራቱ ፈተናውን አልፈዋል። የፈዘዘው ቫርኒሽ የተቀባ ሊሆን ስለሚችል ቅቡ በማይደርስበት በቀዳዳው ውስጥ ድገሚው። እዚያም ከፈዘዘ ጠንከር ያለ ኮፓል ይሁን ወይስ አምበር በቤት ውስጥ መወሰን አይቻልም፤ በኢንፍራሬድ መሣሪያ መታየት አለበት። እስከዚያ ከአራቱ ለይተሽ አስቀምጪው።