ግሬዩ እንዴት ሲቨርት ሆነ?

«ከታካሚው 1 ሜትር ላይ የሚበተነው ጨረር በሰዓት 4 ሚሊግሬይ ነው። ባለሙያው 2 ሜትር ላይ ለ15 ደቂቃ ቢቆም ስንት ሚሊሲቨርት ይደርሰዋል? እኔ 0.5 አገኘሁ፣ መልሱ 0.25 ይላል። ግሬዩስ እንዴት ሲቨርት ሆነ?»

ወንድሜ፣ ጊዜውን በትክክል ሠርተሃል፤ የሳትከው ርቀቱን ነው። ርቀቱ እጥፍ ስለሆነ ጨረሩን ለ2 አካፍለሃል። ጨረር ግን ከምንጩ በራቀ ቁጥር ወደ ጎንም ወደ ላይም ይሰፋል፤ 2 ሜትር ላይ ሲደርስ ያው ጨረር አራት እጥፍ ስፋት ላይ ተሰራጭቷል። ስለዚህ 4 ለ4 ተካፍሎ በሰዓት 1 ሚሊግሬይ ይሆናል። 15 ደቂቃ የሰዓት ሩብ ነውና 0.25 ሚሊግሬይ ይወጣል።

አሁን ወደ አሃዱ። ግሬይ የሚነግረን አንድ ኪሎግራም ቁስ ስንት ጁል ኃይል እንደተቀበለ ብቻ ነው። ሲቨርት ደግሞ ያ ኃይል በሕያው አካል ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ይመዝናል፤ ለዚህም ግሬዩ ለጨረሩ ዓይነት በተመደበ ማባዣ ይባዛል። እዚህ ያለው ጨረር ኤክስሬይ ነው፤ ማባዣው 1 ስለሆነ ቁጥሩ ሳይለወጥ 0.25 ሚሊሲቨርት ሆነ። ሁለቱ አሃዶች አንድ ስለሆኑ እንዳይመስልህ! የአልፋ ጨረር ማባዣ 20 ነው፤ አንድ ሕብረ ሕዋስ ከአልፋ 0.25 ሚሊግሬይ ቢቀበል 5 ሚሊሲቨርት ይሆን ነበር። ፈተና ላይ ብዙ ሰው የሚወድቀው የጨረሩን ዓይነት ሳያነብ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ይህ የርቀት ሕግ በትክክል የሚሠራው ምንጩ እንደ ነጥብ ትንሽ ሲሆን ነው። የሰውነት ውስጥ በኤክስሬይ በቀጥታ በሚታይበት ፍሎሮስኮፒ ላይ ጨረሩን የሚበትነው የታካሚው ሰፊ አካል ስለሆነ፣ አልጋው አጠገብ ስሌቱ ግምት ብቻ ነው፤ እዚያ የጨረር መለኪያውን ዶዚሜትር እመን።