ሆዴ፣ ልቤ ወይስ ጉበቴ?

ጥያቄ፦ ከቤይሩት የተመለሰችው እህቴ ልጇን «የጉበቴ ቁራጭ» እያለች ትጠራዋለች። አረቦቹ እንዲህ ነው የሚሉት ትላለች። በአማርኛ ያስኬዳል? ወይስ «ልቤ» ወይም «ሆዴ» ነው የሚባለው? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ አረብኛውን እህትዎ አልተሳሳተችም። አረቦች ልጃቸውን «ፊልዘት ከቢዲ» ይላሉ፤ «ከቢድ» ጉበት ነው፣ «ፊልዛ» ደግሞ ከእሱ የተቆረሰ። የከበረ አነጋገር ነው። ወደ አማርኛ ቃል በቃል ሲመለስ ግን ሁለት ቦታ ላይ ይሰናከላል። ጉበት በእኛ ቋንቋ የሥጋ ቤትና የዱለት ቃል ሆኖ ቀርቷል፤ ሰው የሚራራበት ወይም የሚናፍቅበት ቤት አልሆነም። «ቁራጭ» ደግሞ ይብሳል። ቁራጭ እንጨት፣ ቁራጭ ጨርቅ፣ ቁራጭ ሥጋ እንላለን፤ ከሙሉው የተረፈ ነገር ነውና ልጅ ሲባልበት ያሳንሰዋል።

ለዚሁ ሐሳብ አማርኛ የራሱ አባባል አለው፦ «የአብራኬ ክፋይ»። «አብራክ» በግዕዝ የ«ብርክ» ብዙ ቁጥር ነው፣ ጉልበቶች ማለት ነው። «ብርክ ያዘው» ስንልም የምናነሣው ይህንኑ ጉልበት ነው። አረብም አማራም ልጅን ከወላጅ አካል የተከፈለ አድርገው ያዩታል፤ የሚለያዩት ከየት ተከፈለ በሚለው ላይ ነው። ይህ አባባል ግን ክብደት አለው። ለምርቃት፣ ለደብዳቤ፣ ለለቅሶ ይሆናል እንጂ እናት ልጇን «ና ቁርስህን ብላ» ስትል አትጠቀምበትም።

ለዕለት ተዕለቱ «ሆዴ»ን የሚያህል የለም። ለወንድ ልጅም ለሴት ልጅም፣ ለባልም ለሚስትም ሳይለወጥ ይሠራል። ደሴ ገበያ ውስጥ ሕፃን ያዘለች እናት «ሆዴ፣ አታልቅስ» ስትል፣ ሰሚው ስለ ምግብ እንዳልሆነ ወዲያው ይገባዋል። ወሰኑ አንድ ነው፤ ለታናሽ ወይም ለእኩያ ይባላል እንጂ ለታላቅ አይባልም። አባትን ወይም አማትን «ሆዴ» ማለት ድፍረት ይሆናል።

የሆድ ጎረቤቱ አንጀት ነው፤ ሥራው ግን ሌላ ነው። «ልጁ አንጀቴን በላው» የሚለው ርኅራኄን ይናገራል፤ የሚያሳዝን፣ የሚያሳሳ ነገር ሲያዩ ነው የሚባለው። ስለዚህ አንድ ወጣት ለሚያፈቅራት «አንጀቴን በላሽው» ብሎ ቢጽፍላት፣ አዘነልኝ ብላ ልትወስደው ትችላለች። «አንጀቴ ቅቤ ጠጣ»ም የፍቅር አይደለም። የልብ ሲደርስ፣ ብዙውን ጊዜም በደለኛ የእጁን ሲያገኝ የሚባል የእርካታ ቃል ነው። ከአንድ ብልት የሚወጡ አባባሎች ሁሉ አንድ ስሜት አይናገሩም፤ የሚወስነው አብሮ የሚመጣው ግሥ ነው።

ልብ ዘንድ ስንደርስ ደግሞ ነገሩ ይለወጣል። ብዙ ሰው ልብን የፍቅር መቀመጫ ብቻ አድርጎ የሚያየው የውጭ ዘፈንና ፊልም እየሰማና እያየ ነው ብዬ አምናለሁ። በአማርኛ የልብ የመጀመሪያ ሥራው ማስተዋል ነው። «ልብ በል» አስተውል ነው፤ «ልብ ገዛ» አእምሮው በሰለ ነው፤ «ልበ ቢስ» የሚረሳ ሰው ነው፤ «ልቡን ሳተ» ራሱን አላወቀም ነው። በእነዚህ ቦታ «ልብ»ን አውጥተው «ሆድ»ን ቢያስገቡ አንዱም አይቆምም። ይህ ጥሩ መፈተኛ ነው። በፍቅርም ጊዜ ቢሆን «ልቤን ሰረቀው» ስንል፣ ሐሳቤንና ፈቃዴን ወሰደው ማለታችን ነው።

ከሁሉ የሚገርመኝ «ቀልብ» ነው። አረብኛው «ቀልብ» ልብ ነው፤ አረብ ወዳጁን «ያ ቀልቢ» እያለ ይጠራበታል። አማርኛ ቃሉን ሲወርስ ግን ከፍቅር ይልቅ ለትኩረት አዋለው፦ «ቀልቤን ሳበው»፣ «ቀልብ የለሽ»፣ «ቀልቡ ተገፈፈ»። የራሳችን «ልብ» የያዘውን ቦታ ነው የተጋራው። ስለዚህ እህትዎ «ያ ቀልቢ»ን ለልጇ ስትመልስ «ቀልቤ» ብትል ሰው ግራ ይጋባል፤ የሚስማማው «ሆዴ» ነው።

ፍቅርን ጉበት ላይ ያስቀመጡት አረቦች ብቻ አይደሉም። ፋርሶች የሚወዱትን ሰው «ጅገረም»፣ ጉበቴ ይሉታል። በማላይኛም «ሃቲ» ጉበት ሲሆን፣ ፍቅር የያዘው ሰው «ጃቱህ ሃቲ» ይባላል፤ ቃል በቃል ጉበቱ ወደቀ እንደ ማለት ነው። ወደ እኛ ሲቀርቡ ግን ጉበቱ ይቀርና ሆድ ይመጣል። ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ ሲወርዱ የሚሰሙት ኦሮምኛ ሩኅሩኅን ሰው «ገራ ላፌሳ»፣ ጨካኙን «ገራ ጀቤሳ» ይለዋል፤ «ገራ» ሆድ ነው፣ የመጀመሪያው ሆደ ለስላሳ፣ ሁለተኛው ሆደ ጠንካራ ነው።

እህትዎ ልጇን በአረብኛው ብትጠራው ምንም ነውር የለበትም፤ ወሎ አረብኛ ቃል ሰምቶ አይደነግጥም። በአማርኛ ስትጠራው ግን ቤት ውስጥ «ሆዴ» ትበለው። በልደቱ ካርድ ላይ ደግሞ «የአብራኬ ክፋይ» ወይም እናት ናትና «የማኅፀኔ ፍሬ» ብላ ትጻፍለት።