የከሰረው ወንበሩ ነው ወይስ ቁም ሳጥኑ?

«ደብረ ማርቆስ ውስጥ ወንበርና ቁም ሳጥን የሚያመርት አነስተኛ ድርጅት አለን። ሁለት የሒሳብ ባለሙያዎች ለአንድ ወንበር የተለያየ የማምረቻ ወጪ አውጥተው ሰጡን። ትክክሉ የማንኛቸው ነው?»

ሁለቱም ድምራቸው ትክክል ሊሆን ይችላል፤ የተለያዩት ቀጥተኛ ያልሆነውን ወጪ ባካፈሉበት መንገድ ይመስለኛል። ፍኖተ ሰላም ውስጥ በአንድ የእንጨት ሥራ ድርጅት በሒሳብ ሠራተኛነት ሳገለግል ይኸው ነገር ገጥሞኝ ስለነበር፣ ለመከታተል እንዲቀል ቁጥሮቹን አጠጋግቼ ላስረዳ።

በወር 200 የዋንዛ ወንበርና 40 የኤምዲኤፍ ቁም ሳጥን እናመርት ነበር። ለጥሬ ዕቃና በቁራጭ ለሚከፈላቸው አናጢዎች በቀጥታ የሚወጣው ለወንበሩ 600፣ ለቁም ሳጥኑ 4,200 ብር ሲሆን፣ የምንሸጠው በ800 እና በ4,900 ብር ነበር። ከዚህ ሌላ በወር 60,000 ብር የጋራ ወጪ ነበረብን፤ 40,000ው ለማሽን እርጅና፣ ለጥገናና ለመብራት፣ 20,000ው ለቤት ኪራይ፣ ለጥበቃና ለኃላፊው ደመወዝ የሚውል ነው።

በመጀመሪያ ሁሉንም በሠራተኛ ሰዓት ደለደልሁት። ወንበሩ 3፣ ቁም ሳጥኑ 5 ሰዓት ስለሚፈጁ የወሩ ድምር 800 ሰዓት፣ የአንዱ ሰዓት ድርሻም 75 ብር ሆነ። በዚህ ስሌት ወንበሩ 825 ብር ወጥቶበት 25 ብር ሲያከስር፣ ቁም ሳጥኑ 325 ብር አተረፈ፤ ባለቤቱም ወንበር መሥራቱ ይቁም አሉ።

ወርክሾፑ ውስጥ ግን ወንበሩ በመላጊያና በመሮ ሲሠራ፣ መቁረጫ ማሽኑ ዘንድ ተራ የሚጠብቀው የቁም ሳጥኑ ሰሌዳ ነበር። ማሽኑ አጠገብ ደብተር በሲባጎ አንጠልጥለን፣ ኦፕሬተሩ የሚያስነሳበትንና የሚያቆምበትን ሰዓት አንድ ወር ሙሉ በአናጢ እርሳስ ጻፈልን። ለወንበሩ 12 ደቂቃ፣ ለቁም ሳጥኑ 4 ሰዓት፣ በወር በጠቅላላው 200 ሰዓት ሆኖ ተገኘ። የማሽኑን 40,000 በማሽን ሰዓት፣ ቀሪውን በሠራተኛ ሰዓት ስናካፍለው ወንበሩ 715 ብር ወጥቶበት 85 ብር ሲያተርፍ፣ ቁም ሳጥኑ 5,125 ብር ወጥቶበት 225 ብር አከሰረ። የድርጅቱ የወር ትርፍ ግን በሁለቱም ስሌት ያው 8,000 ብር ነው።

እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ የማሽኑን ወጪ ማሽኑን ለተጠቀመው ምርት ያስከፍላልና። ሆኖም ለኪራይና ለጥበቃ የትኛውም መሠረት ከስምምነት አያልፍም። ከሁሉ በላይ የምለምንዎት፣ በዚህ ቁጥር ብቻ ምርት እንዳያቋርጡ ነው። ወንበሩን አቁመን ቢሆን ኖሮ ከእያንዳንዱ ቀጥታ ወጪው ብቻ ሲቀነስ የሚተርፈን 200 ብር፣ በወር 40,000 ብር ይቀርብን ነበር፤ 60,000ው የጋራ ወጪ ግን ከጥቂት መብራት በቀር አይቀንስም፤ ስለዚህ ወደ 32,000 ብር ኪሳራ እንገባ ነበር። ቁም ሳጥኑም ቢሆን በወር 28,000 ብር ለጋራ ወጪው ያዋጣ ስለነበር አላቆምነውም፤ የሚቀጥለውን ትእዛዝ ስንቀበል ዋጋውን አነሳን እንጂ።

እርስዎም ሁለቱን ባለሙያዎች የማሽኑን ወጪ በምን እንዳካፈሉት፣ ሰዓቱንም ከየት እንዳገኙት ይጠይቋቸው።