«በዘፈቀደ» ሲሉ ምን ሰሙ?

ጥያቄ፦ ለአንድ የመድኃኒት ጥናት የስምምነት ቅጽ ወደ አማርኛ ተረጎምኩ። ሌላ ሰው መልሶ ወደ እንግሊዝኛ ሲተረጉመው ከዋናው ጋር ቁርጥ አንድ ሆነ። ቅጹን ያነበቡት ሰዎች ግን «በዘፈቀደ ነው እንዴ የምትመድቡን?» ብለው ተቆጡ። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ሰዎቹ የተቆጡት አማርኛ ስለሚያውቁ ነው። ስታቲስቲክስ የተማረ ሰው «በዘፈቀደ» ሲል ማንም ሳይመርጥ፣ በዕድል ብቻ መመደብን ማለቱ ነው። በተራው አማርኛ ግን «በዘፈቀደ ሠራው» ማለት ሳያስብ፣ እንደመጣለት ሠራው ነው። መልሶ ተርጓሚዎ ቃሉን ሲያይ ከጀርባው ያለው እንግሊዝኛ ወዲያው ታየውና እሱኑ ጻፈ። ሁለታችሁም በአንድ መንገድ ሄዳችሁ ተመለሳችሁ፤ አንባቢው ግን በዚያ መንገድ አልነበረም።

እኔም አንድ ረቂቅ ላይ «ጥናቱ ሁለት ክንዶች አሉት» የሚል አንብቤያለሁ። የጥናቱን ቡድኖች ማለታቸው ነው። መልሰው ቢተረጉሙት እንከን አይወጣለትም። መርፌ ሊወጋ የመጣ ሰው ግን የገዛ ክንዱን ነው የሚያየው።

እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈዋለሁ፦ «የትኛውን መድኃኒት እንደሚወስዱ የሚወሰነው በዕጣ ነው። ዕጣውን የሚያወጣው ኮምፒውተር ነው። እርስዎም ሆኑ ሐኪምዎ መምረጥ አትችሉም።» «ዕጣ የወጣላቸው አዲሱን መድኃኒት ይወስዳሉ» ግን እንዳይሉ። «ወጣላቸው» ካሉ አዲሱ መድኃኒት ሽልማት ይመስላል፤ ይሻል እንደሆነ ገና አልታወቀም እኮ፣ ጥናቱም የሚደረገው ለዚሁ ነው።

ይህኛው ሲመለስ ከዋናው ጋር አይገጥምም። ገምጋሚው «ዕጣ ከየት መጣ?» ብሎ በቀይ ያሰምርበት ይሆናል። ያኔ ወደ «በዘፈቀደ» አይመለሱ፤ ለምን እንደመረጡት ከጎኑ ጽፈው ይላኩ።

መልሶ መተርጎም ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። የተዘለለ ዓረፍተ ነገር፣ የተሳሳተ ቁጥር፣ «ሊያቅለሸልሽዎት ይችላል» መባል ሲገባው «ያቅለሸልሽዎታል» የተባለ ነገር ካለ ጥሩ አድርጎ ይይዛል። ብቻ መልሶ ተርጓሚው ዋናውን ቅጽ ያላየ ይሁን። ከተቻለም የሕክምና ሰው ባይሆን ይመረጣል። ባለሙያ የተወላገደውን አማርኛ ሳይታወቀው አቃንቶ ይመልስልዎታል፣ ስህተቱም ይደበቃል።

ቃሉ ለአንባቢው ምን እንደሚል ለማወቅ ግን አንባቢውን ራሱን መጠየቅ ነው። ጥናቱ ከሚመለከታቸው ዓይነት ሰዎች ለጥቂቶቹ ያስነብቡ። «ገባዎት?» አይበሏቸው፤ ሁሉም «አዎ» ይላል። «መድኃኒቱን የሚመርጥልዎ ማን ነው?» ይበሏቸው። «ሐኪሙ ነዋ፣ ለእኔ የሚሻለኝን አይቶ» ካሉ፣ እንግሊዝኛው የቱንም ያህል ቢገጥም ዓረፍተ ነገሩ እንደገና ይጻፋል።