ዱቄት ፋብሪካው ሆቴል ሲገነባ የማን ቤታ ይሠራል? (ጥያቄና መልስ)

ፕሮጀክት መገምገም የዕለት ሥራዬ ነው። ዛሬ ስለ ቤታ በአንድ ምሳሌ እንቆይ፤ ቤታ አንድ አክሲዮን ከመላው ገበያ ጋር ምን ያህል እንደሚወጣና እንደሚወርድ የሚለካ ቁጥር ነው። አክሲዮኑ በገበያ የሚሸጥ አንድ ዱቄት ፋብሪካ ሆቴል ሊገነባ ነው እንበል። ሒሳቡ በዶላር ነው፤ ቁጥሮቹን እኔው ለማሳያ ያወጣኋቸው ናቸው።

«የፋብሪካው ቤታ 0.70 ነው። ብሩን የሚያወጣው ፋብሪካው ራሱ አይደል? ለምን ሌላ ቤታ እንፈልጋለን?»

ቤታ የሚከተለው ገንዘቡ የገባበትን ሥራ ነው። ኑሮ ሲከፋም ሰው ዳቦ ይገዛል፤ የሆቴል አልጋ ግን ቶሎ ባዶ ይሆናል። ከስጋት ነፃ የሆነው ወለድ 4%፣ ገበያው ከዚያ በላይ የሚሰጠው ተጨማሪ ትርፍ 5% ቢሆን፣ በ0.70 የባለአክሲዮኖቹ ተፈላጊ ትርፍ 4% + 0.70 × 5% = 7.5% ይወጣል። ለሆቴሉ ግን፣ ወረድ ብዬ እንደማሳየው፣ 10.6% ነው። ሆቴሉ ለባለአክሲዮኖች በየዓመቱ ሳያቋርጥ 8 ሚሊዮን ቢያስገኝ፣ ለተፈላጊው ትርፍ ሲካፈል በ7.5% 107 ሚሊዮን ያወጣል፣ በ10.6% 75 ሚሊዮን። ከኪሳቸው የሚያወጡት 90 ሚሊዮን ከሆነ፣ በተሳሳተ ቤታ የማይሆን ፕሮጀክት አጸደቁ ማለት ነው።

«ገባኝ። ስለዚህ የሦስት ሆቴሎችን ቤታ አማካይ ልውሰድ፤ በቃ አለቀ።»

ግማሽ መንገድ መጥተሃል። ሆቴሎቹ የተለያየ ዕዳ ተሸክመዋል፤ ዕዳ ደግሞ የባለአክሲዮኑን ስጋት ያንራል። መጀመሪያ እያንዳንዱን ከዕዳው እናራግፈው። βL ዕዳ ያለበት ቤታ፣ βu ዕዳው የወጣለት ቤታ ነው፤ T የግብር መጣኔያቸው ሲሆን 25% ነው፤ D/E ደግሞ ዕዳው ለአክሲዮኑ የገበያ ዋጋ ሲካፈል ነው።

```
βu = βL / (1 + (1 - T) × D/E)

1.40 / (1 + 0.75 × 1.00) = 0.80
1.31 / (1 + 0.75 × 0.60) = 0.90
1.30 / (1 + 0.75 × 0.40) = 1.00
```

ትልቁ ቤታ የነበረው ሆቴል ዕዳው ሲወጣለት ትንሹ ሆነ! ይህን ደረጃ የዘለለ ሰው የሆቴል ሥራን ስጋት ከሆቴሎች የብድር ልማድ ጋር ይቀላቅላል። የመካከለኛውን 0.90 እንያዝ። እባካችሁ የአክሲዮኑን ዋጋ ከሒሳብ መዝገብ አትውሰዱ። ቤታው የተለካው በገበያ ዋጋ ስለሆነ ዕዳውም ከዚያው ጋር ይመዘን።

«ፋብሪካው 20% ብቻ ነው የተበደረው። ሆቴሉ ግን 40% በብድር ሊሠራ ነው። ዕዳውን ወደ ቤታው መልሰን ስናስገባ የቱን እንጠቀም?»

የሆቴሉን። ግን አንድ ነገር አጣሪ። ያ 40% ሆቴሉ ለብቻው ቢቆም ሊሸከመው የሚችለው ነው? ወይስ ባንኩ ፋብሪካውን መያዣ አድርጎ የሰጠው ነው? ሁለተኛው ከሆነ የዘርፉን የተለመደ መጠን ውሰጂ። 40% ልክ ነው ብለን እንቀጥል፤ የፋብሪካው ግብር 30% ነው።

```
D/E = 40 / 60 = 0.667
βL = 0.90 × (1 + 0.70 × 0.667) = 1.32
4% + 1.32 × 5% = 10.6%
```

ብዙ ሰው እዚህ ላይ በ0.667 ፈንታ 0.40 ያስገባል። ያኔ መልሱ 9.8% ይሆናል፤ ስህተቱም ዓይን ውስጥ አይገባም። ሌሎች የሠሩትን ስመረምር መጀመሪያ የማየው ይህችን ነው።

«እኔ ካፌ ልከፍት ነው። ባንክ በ16% አበድሮኛል። የእኔ ተፈላጊ ትርፍ 16% ነው ማለት ነው?»

እሱ የባንኩ ነው፣ ወንድሜ። ካፌው ቢከስር ባንኩ ቀድሞ ይወስዳል፤ ለእርስዎ የሚደርሰው የተረፈው ነው። ስለዚህ ከ16% በላይ መጠየቅ አለብዎት። ደግሞ የእርስዎ በብር ነው፤ የሆቴሉን የዶላር 10.6% ከብር ገቢ ጋር እንዳያጋጩት። የብር የዋጋ ንረት 13%፣ የዶላሩ 2.5% ነው ብንል፣ 1.106 × 1.13 ÷ 1.025 ወደ 22% ያደርሰናል።

«የተጠቀምክበት የሐማዳ ቀመር ዕዳው በመጠኑ ሳይለወጥ ይቆያል ብሎ ነው የሚነሳው። ሆቴሎች ግን ዕዳቸውን ከንብረታቸው ዋጋ ጋር ያስተካክላሉ። ግብሩን ከቀመሩ ማውጣት አልነበረብህም?»

ትክክል ነህ። ዕዳው ከዋጋው ጋር አብሮ የሚሄድ ከሆነ (1 − T) ይወጣል። ያኔ መካከለኛው 0.82 ይሆናል፤ ሲመለስ በ1.667 ተባዝቶ 1.36 ገደማ። ከ1.32 ብዙ አልራቀም። የሚያስፈራው መቀላቀል ነው። በግብር አራግፈህ ያለ ግብር ብትመልስ 1.50 ይወጣል፣ ተፈላጊው ትርፍም 11.5%። በገባህበት ቀመር ውጣ። ሁለቱም ግን ዕዳው ራሱ ስጋት የለውም ብለው ነው የሚያሰሉት፤ እስከ አፍንጫው የተበደረ ሆቴልን ለንጽጽር የማልወስደው ለዚህ ነው።

«ሆቴሉ አዲስ አበባ ቢሆንስ? ቤታ ከየት እናምጣ?»

የእኛ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ሥራ የጀመረው በ2017 ዓ.ም. ነው። ቤታ ለመለካት የዓመታት የዋጋ ታሪክ ያስፈልጋል። ለጊዜው ከውጭ ሆቴሎች አራግፎ መውሰድ ነው ያለው። የአገር ስጋትን ግን የት እንክተተው? እኔ በገቢው ግምት ውስጥ አስገባዋለሁ፤ የመንገድ መዘጋትን፣ የምንዛሪ እጥረትን በየዓመቱ እየቆጠርኩ። አብረውኝ የሚሠሩ ጎበዞች ደግሞ በተፈላጊው ትርፍ ላይ 3% ወይም 4% መጨመር ይሻላል ይላሉ። እስካሁን አልተስማማንም። ሁለቱንም በአንድ ላይ ያደረገ ግን አንዱን ስጋት ሁለት ጊዜ ቆጥሯል።