ቪዲዮው አልቆ ቆጣሪው ለምን 67% ላይ ይቀራል?

ጥያቄ፦ «ሰላም፣ የሒሳብ አያያዝ ትምህርት በራሴ ዌብሳይት ላይ በቪዲዮ አስተምራለሁ፣ አንዱ ትምህርት 40 ደቂቃ ነው። ዳሽቦርዱ አብዛኛው ተማሪ 60 ምናምን ፐርሰንት ላይ ትቶ ይወጣል ይለኛል፣ 20% ላይ የሚወጣም አለ። ግን ፈተናው ላይ የመጨረሻውን ክፍል ጥያቄ ሳይቀር ይሰሩታል። ኮዱን የሰራልኝ ልጅ በየሰከንዱ አንድ እየደመረ ነው የሚቆጥረው፣ ገጹ ከተደበቀ ደግሞ እንዳይቆጥር አድርጎታል። ቪዲዮውን ላሳጥረው እንዴ?»

መልስ፦ እህቴ ቪዲዮውን እንዳትነኪው። መጀመሪያ አማካዩን ተዪውና የእያንዳንዱን ተማሪ ፐርሰንት አውርደሽ ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሪው። ሰው ሰልችቶት ሲወጣ ቁጥሩ ይበተናል፣ አንዱ 31 ላይ ሌላው 58 ላይ ይቀራል። ያንቺዎቹ ግን 80፣ 67፣ 57 ወይ 50 አካባቢ ተሰብስበው ካገኘሻቸው ነገሩ ስፒድ ነው፣ ምክንያቱም በ1.25 ሙሉውን የሰማ ሰው በሰዓት ሲለካ 80% ነው የሚመጣው፣ በ1.5 ደግሞ 67፣ በ1.75 57፣ በ2 ልክ ግማሽ። እኔ «60 ምናምን» ስትይ ገና ዳታውን ሳላይ 1.5ን ነው የጠረጠርኩት።

ልጁ የቆጠረው የተማሪውን ሰዓት ነው፣ ያካፈለው ግን ለቪዲዮው ርዝመት ነው፣ ሁለቱ የሚገጥሙት ሰውየው በኖርማል ስፒድ ሲያይ ብቻ ነው።

20%ዎቹ ላይ ሌላ ነገር ተደርቦበታል። አንድ ተማሪ አስቢ፣ በ1.5 ከፈተው፣ የትምህርቱን 12 ደቂቃ እያየ ሄደ፣ በሱ ሰዓት 8 ደቂቃ መሆኑ ነው። ከዛ ታክሲ ተሳፈረና ስክሪኑን ዘጋው። ብዙ ስልክ ላይ እዚህ ጋ ቪዲዮው ይቆማል፣ ግን ሎክ ስክሪኑ ላይ ፕሌይ ሲነካ ድምፁ ይቀጥላል፣ እሱም ስልኩን ኪሱ ከቶ የቀረውን 28 ደቂቃ በኢርፎን ጨረሰው። ኮድሽ ግን ስክሪኑ ሲዘጋ ገጹ ተደበቀ ብሎ መቁጠር አቆመ። 8 ለ40 ሲካፈል ይኸው 20%፣ ሰውየው እኮ የመጨረሻዋን ቃል ሰምቷል። ኮምፒውተር ላይም ሌላ ታብ ከፍቶ ኤክሴል እየሰራ የሚያዳምጥሽ ሰው እንደዛው ነው የሚጠፋብሽ።

መፍትሄው ሰከንድ መደመሩን ትቶ ፕሌየሩን ራሱን መጠየቅ ነው። ብሮውዘሩ የቪዲዮው የትኛው ክፍል እንደተጫወተ `played` ላይ ይይዛል፣ ስፒድም ሆነ የስክሪን መዘጋት አያዛባውም፣ ዘሎ ያለፈውን አይቆጥርም፣ ደግሞ የሰማውንም ሁለቴ አይደምርም፦

```js
function covered(v) {
  let s = 0;
  for (let i = 0; i < v.played.length; i++)
    s += v.played.end(i) - v.played.start(i);
  return s;
}
```

ይሄንን ለ`v.duration` ስታካፍዪው ያ ተማሪ 100% ይሆናል። አንድ ጉድለት አለው፣ ገጹ እንደገና ሲከፈት ከዜሮ ይጀምራል፣ ስለዚህ ድምሩን ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዱን ክፍል መነሻና መድረሻ ወደ ሰርቨር ላኪና እዛ ይቀላቀል፣ አለዚያ ዛሬ ግማሹን ነገ ግማሹን የሰማው ሰው ሁለት ግማሽ ሰው ሆኖ ይታይሻል።

ልጁን በደንብ የምታስጠነቅቂው ግን መላኪያው ላይ ነው። ብዙ ሰው ገጹ ሲደበቅ ብሮውዘሩ የሚልከው `visibilitychange` ሲመጣ የመጨረሻ ሪፖርት ልኮ ሴሽኑን ይዘጋዋል፣ እኔም አንድ ጊዜ ይሄንኑ ሰርቼ ሳምንት ሙሉ ተማሪ ሁሉ ደቂቃ 3 ላይ የሚወጣ መስሎኝ መግቢያውን ስቆርጥ ስቀጥል ነበር። ስክሪን መዘጋት መውጣት አይደለም። ያኔም ይላክ፣ `pause` እና `ended` ላይም ይላክ፣ ድምፁ እየሄደ እያለም በየ30 ሰከንዱ ይላክ፣ ግን ሁሉም በአንድ የሴሽን ቁጥር ይሁንና አዲሱ አሮጌውን ይተካው እንጂ አይደመርበት።

የሰዓቱን ቁጥር ግን አትጣዪው፣ ለብቻው ኮለም ስጪው፣ ተማሪ በቀን ስንት ደቂቃ እንደሚሰጥሽ የሚነግርሽ እሱ ነው። ስፒዱን የሚይዘውን `v.playbackRate` እና ገጹ መደበቁን የሚናገረውን `document.hidden`ንም አብረሽ መዝግቢ፣ ምክንያቱም ስክሪን ዘግቶ የሚሰማሽ ሰው ብዙ ከሆነ «እዚህ ጋ እንደምታዩት» እያልሽ ሰንጠረዥ ስታሳዪ እሱ ምንም አያይም፣ ቁጥሩን በአፍሽ ማንበብ ይኖርብሻል። `played` ራሱ መጫወቱን እንጂ መሰማቱን አያውቅም፣ ኢርፎኑን አውልቆ የተኛውንም 100% ይለዋል።

የድሮውን ዳታ በአማካይ ስፒድ አባዝቼ ላስተካክል እንዳትዪ፣ በ1.5 የጨረሰውና በኖርማል 67% ላይ የወጣው እዛ ላይ አንድ ናቸው። ዌብሳይትሽ «ካቆምክበት ቀጥል» የሚል ነገር ካለው ግን የቆመበት ደቂቃ ተቀምጧል ማለት ነው፣ እሱን አውጪው። ቆጣሪው 26 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ገደማ ብሎ የቆመበት ቦታ 40 ከሆነ በ1.5 ጨርሶታል ብለሽ ብትወስጂ ብዙም አትሳሳቺም፣ 8 ደቂቃ ብሎ 40 ላይ የቆመው ግን ስክሪን ዘግቶ ይስማ ዘሎ ይሂድ ከዚህ በኋላ የሚለይበት መንገድ ስለሌለ ከስሌቱ አውጪው።