«እየገለጽን» ሲቀር ክብርም ይቀራል?

ጥያቄ፦ መሥሪያ ቤታችን ለደንበኛ የሚጽፈው ሁሉ «አባሪ አድርገን የላክን መሆኑን እየገለጽን»፣ «ምላሽ ይሰጠን ዘንድ በትሕትና እንጠይቃለን» ይላል። ቀለል አድርጌ ስጽፍ አለቃዬ «ክብር ይጎድለዋል» ብለው ይመልሱብኛል። ማን ነው ልክ?

መልስ፦ አለቃዎ ክብር መፈለጋቸው ልክ ነው። የፈለጉበት ቦታ ግን አይደለም። በአማርኛ አክብሮት በአብዛኛው የሚያድረው ግሡ ላይ ነው። እንግሊዝኛ ግሡ «አንተ»ንና «እርስዎ»ን ስለማይለይ «ካይንድሊ ሪቨርት» እያለ በተጨማሪ ቃል ይደጉማል። እኛ «ላክ»ን «ይላኩ» ካልን አከበርን፤ አለቀ።

አንድ ደብዳቤ እንይ።

«ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ የውል እድሳትዎን በተመለከተ ማሟላት የሚገባዎትን ቅጽ ከዚህ ሸኚ ደብዳቤ ጋር አባሪ አድርገን የላክን መሆኑን እየገለጽን፣ አስፈላጊው ተፈጽሞ በአስቸኳይ ምላሽ ይሰጠን ዘንድ በትሕትና እንጠይቃለን።»

«እንደተሞከረው» ሁሌም ያስቀኛል። ተሞክሮ አልተቻለም ማለት ነው? «መሆኑን እየገለጽን» ደግሞ ዓረፍተ ነገሩ እንዳያልቅ የሚሰፋ ክር ነው። ቅጹ ተያይዟል ካሉ ገልጸዋል።

ዋናው ችግር መጨረሻው ላይ ነው። «ተፈጽሞ»፣ «ይሰጠን»፦ ማን ይፈጽም፣ ማን ይስጥ? ግሡ ተገብሮ ስለሆነ አድራጊው የለም። አድራጊው ሲጠፋ «እርስዎ»ም አብሮ ይጠፋል። «አስፈላጊው» የተባለውም ምን እንደሆነ አልተነገረም። ደብዳቤው በወጣ ማግስት ስልኩ «ምን ላድርግ ነው የምትሉኝ?» በሚሉ ደንበኞች ከተጨናነቀ፣ ጥፋቱ የዚህች ቃል ነው።

እኔ እንዲህ እጽፈው ነበር፦

«ውልዎን ለማደስ የሚሞሉት ቅጽ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል። እባክዎ ሞልተውና ፈርመው እስከ ጥቅምት 20 ድረስ ይመልሱልን።»

አሁን ክብሩን እንቁጠር። በመጀመሪያው ደንበኛው የተከበረው 2 ቦታ ብቻ ነው፦ «እድሳትዎን» እና «የሚገባዎትን»። በሁለተኛው ግን 6 ቦታ ነው፦ ውልዎን፣ የሚሞሉት፣ እባክዎ፣ ሞልተው፣ ፈርመው፣ ይመልሱልን። ያውም ወደ ግማሽ በሚጠጋ ርዝመት። «በአስቸኳይ»ም ቀን ሆነ። አስቸኳይ ለእርስዎ ነገ ሊሆን ይችላል፤ ለደንበኛው ግን ከበዓል በኋላ ነው።

ሁሉንም ይጣሉ አላልኩም። «አባሪ፦ 2 ገጽ» ከደብዳቤው ግርጌ ይቆይ፤ አንድ ገጽ ቢጎድል የሚታወቀው በእሱ ነው። «ሸኚ ደብዳቤ»ም ከመሥሪያ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት ሰነድ ሲሄድ ትክክለኛ ስሙ ነው። ለመሥሪያ ቤት ሲጽፉ «እርስዎ» ስለማይሄድ «እስከ ጥቅምት 20 እንድትልኩልን እንጠይቃለን» ይበሉ። እዚህም ላኪው ማን እንደሆነ ግሡ ራሱ ይናገራል።

ለአለቃዎ ሁለቱን ደብዳቤዎች ጎን ለጎን ያሳዩአቸውና «እርስዎ» ያለበትን ሁሉ ራሳቸው ያስምሩበት።